ረጅም ፍርድን ለተራ አንባቢ በአንድ አጭር አንቀጽ ማጠቃለል

ፍርድን ማሳጠር ሌላ ጽሑፍን ከማሳጠር የሚለይበት አንድ ዐቢይ ምክንያት አለ። በአንድ ፍርድ ውስጥ ከሚነበቡት ገጾች ብዙዎቹ ፍርድ ቤቱ የራሱን አቋም የሚናገርባቸው አይደሉም። የከሳሽ አቤቱታ፣ የተከሳሽ መልስ፣ የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔና በይግባኝ የተደረገው ክርክር በየተራ ይተረካሉ፤ የዳኞቹ የራሳቸው ድምፅ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ እያሳጠረ የሚሄድ ሰው በመጨረሻ እጁ ላይ የሚቀረው የተከራካሪዎቹ ታሪክ እንጂ ፍርዱ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር የሚያገለግለው የሕግ ትምህርት ለሌለው አንባቢ ከ130 ቃላት የማይበልጥ አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ነው።

ለማሳያ የምንወስደው እ.ኤ.አ. በ1932 በብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት፣ ማለትም በዚያን ጊዜ የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት በነበረው አካል፣ የተሰጠውን የዶኖሁ እና የስቲቨንሰን ፍርድ ነው። ይህን ጉዳይ የመረጥነው ዝነኛ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ በአጭሩ ሲነገር ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚነገር በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1928 ስኮትላንድ ውስጥ ፔይዝሊ በምትባል ከተማ አንዲት ሴት አንድ ካፌ ገብታ በጓደኛዋ የተገዛላትን የዝንጅብል መጠጥ ጠጣች። ጠርሙሱ ጥቁር ስለ ነበር ውስጡ አይታይም። እንደ አቤቱታዋ ከሆነ ከመጠጡ ከፊሉን ከጠጣች በኋላ ቀሪው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ፤ እሷም ደነገጠች፣ ታመመችም። መጠጡን የገዛችው እሷ ስላልነበረች በውል የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም፤ ስለዚህ አምራቹን ከሳ 500 ፓውንድ ካሳ ጠየቀች። አምራቹ የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ለእሷ ያለብኝ ሕጋዊ ግዴታ የለም፣ ስለዚህ ክሱ የክስ ምክንያት የለውም ሲል ተቃወመ። ጉዳዩን መጀመሪያ ያዩት ዳኛ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ፣ የስኮትላንድ የይግባኝ ችሎት ግን ይህን ሽሮ ክሱን ዘጋው፤ ከሳሽዋም ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ይግባኝ አለች።

እርምጃ አንድ፦ ከመጨረሻው መጀመር

መጀመሪያ የሚነበበው የፍርዱ የመጨረሻ ክፍል፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ምን እንዲደረግ እንዳዘዘ የሚናገረው ክፍል ነው። በአማርኛ በሚጻፉ ፍርዶች ላይ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ «ውሳኔ» ወይም «ትእዛዝ» በሚል ርእስ ለብቻው ተለይቶ ይቀመጣል። እዚያ ያለውን ግስ በጥንቃቄ በወረቀት ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ አጸና፣ ሻረ፣ አሻሻለ እና ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰ የሚሉት አራቱ ግሶች እያንዳንዳቸው የተለያየ ውጤት አላቸው። በተለይ «ሻረ» እና «መለሰ» አብረው ሲመጡ፣ ይግባኝ ባዩ ረታ ማለት ክርክሩን ጨርሶ አሸነፈ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

በምሳሌያችን የሎርዶች ምክር ቤት በሜይ 26 ቀን 1932 የይግባኝ ችሎቱን ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩ እንዲቀጥል ወደ ስኮትላንድ ፍርድ ቤት መለሰው። ይህን አንድ መስመር መጀመሪያ የጻፈ ሰው «ቀንድ አውጣ የጠጣችው ሴት ካሳ ተፈረደላት» የሚል ስሕተት ሊጽፍ አይችልም፤ ምክንያቱም በትእዛዙ ውስጥ ካሳ የሚባል ነገር የለም።

«ክሱን ውድቅ አደረገ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ለተራ አንባቢ በቂ አይደለም። ክሱ በይርጋ ስለታገደ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ስለሌለው ወይም ከሳሹ ማስረጃ ስላላቀረበ ውድቅ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ግን በሦስቱም ጊዜ ከሳሹ ዋሽቷል ብሎ ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ ውድቅ የሆነበት ምክንያት በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ መግባት አለበት። በወንጀል ጉዳይም እንዲሁ ነው፦ ተከሳሹ በነጻ የተሰናበተው ዐቃቤ ሕግ በበቂ ሁኔታ ባለማስረዳቱ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ «ድርጊቱን አልፈጸመም» ብሎ እንደ ወሰነ ተደርጎ መጻፍ የለበትም።

እርምጃ ሁለት፦ ክርክሩ የት ደረጃ ላይ እንደ ነበር መለየት

ፍርድ ቤት የሚመልሰው ተከራካሪዎቹ በዚያ ደረጃ ላይ ያቀረቡለትን ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ጭብጥ ይባላል፤ በአብዛኛው ዳኞቹ «ምላሽ የሚያሻው ጭብጥ» ወይም ይህን በመሰለ አነጋገር ራሳቸው ያስቀምጡታል፤ ካላስቀመጡትም ከይግባኝ ቅሬታው ማግኘት ይቻላል። ጭብጡን ከትእዛዙ ቀጥሎ በአንድ ጥያቄ መልክ መጻፍ ይገባል። ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ሆኖ ካልተጻፈ ጭብጡ ገና አልተገኘም ማለት ነው።

በምሳሌያችን ጥያቄው «አምራቹ ጥፋተኛ ነው?» የሚል አልነበረም። ጥያቄው «ከሳሽዋ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው ብንል፣ አምራቹ ከእሱ ላልገዛችው ተጠቃሚ የጥንቃቄ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል?» የሚል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንቀጹን ግማሽ ይወስናል። የመጀመሪያውን የሚጽፍ ሰው ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ሰምቶ ፈረደ ያሰኛል፤ ሁለተኛውን የሚጽፍ ግን ፍርድ ቤቱ በሕግ ነጥብ ላይ ብቻ እንደ ተናገረ ያሳያል።

እርምጃ ሦስት፦ የተባለውን ከተረጋገጠው መለየት

በፍርድ ውስጥ የሚገኝ ፍሬ ነገር ከሦስት በአንዱ መልክ ይቀርባል። አንዱ ተከራካሪ የተናገረው፣ ፍርድ ቤቱ በማስረጃ ያረጋገጠው፣ ወይም ለክርክሩ ሲባል እውነት ነው ተብሎ የተወሰደ ይሆናል። የፍርዱን ትረካ እያነበቡ በእያንዳንዱ ፍሬ ነገር ጎን ከሦስቱ አንዱን በኅዳጉ ላይ ማስፈር ጊዜ የሚወስድ ቢመስልም፣ አንቀጹ በሚጻፍበት ጊዜ የግሱን መልክ የሚወስነው ይኸው ምልክት ነው። የተባለው «በማለት»፣ «እንደ አቤቱታዋ»፣ «ሲል ተከራከረ» በሚሉ ቃላት ይጻፋል፤ የተረጋገጠው በቀጥታ ይጻፋል፤ የተወሰደው ደግሞ «እውነት ቢሆን እንኳ» በሚል ይቀርባል።

በዶኖሁ ጉዳይ ቀንድ አውጣው ከመጀመሪያው ዓይነት ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው የተሻገረ ነው። ከሳሽዋ አለች፣ ዳኞቹም ሕጉን ለመመርመር ሲሉ እውነት ነው ብለው ወሰዱት፤ አንድም ጊዜ ግን በምስክር አልተረጋገጠም። «ከጠርሙሱ ቀንድ አውጣ ወጣ» ብሎ በቀጥታ የሚጽፍ ሰው ፍርድ ቤቱ ያልወሰነውን ነገር ይወስናል።

እርምጃ አራት፦ ውጤቱ የቆመበትን ምክንያት ማግኘት

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ነው። ዳኞች ሲጽፉ የአንዱን ወገን ክርክር አስረዝመው ካቀረቡ በኋላ አይቀበሉትም፣ ሌላ ጉዳይን ለማነጻጸር ያነሣሉ፣ አልፎ አልፎም ለወደፊቱ ይጠቅማል ብለው ከጭብጡ ውጭ አስተያየት ይሰጣሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓይነት የጽሕፈት ስልት ስለሚቀርቡ ለአንባቢ አንድ ይመስላሉ። መለያው ቀላል ፈተና ነው፦ ምክንያት የመሰለውን ዐረፍተ ነገር በጣት ሸፍኖ «ይህ ባይኖር ውጤቱ ያው ይሆን ነበር?» ብሎ መጠየቅ። ያው የሚሆን ከሆነ ያ ዐረፍተ ነገር የምናጠቃልለው ምክንያት አይደለም።

ብዙ ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት እያንዳንዱ ዳኛ የራሱን ሐሳብ በጻፈ ጊዜ ሥራው ይጨምራል። በምሳሌያችን አምስት ሎርዶች አምስት የተለያዩ ንግግሮች ጽፈዋል፤ ሦስቱ፣ ማለትም ሎርድ አትኪን፣ ሎርድ ታንከርተን እና ሎርድ ማክሚላን ከሳሽዋን ሲደግፉ፣ ሎርድ በክማስተር እና ሎርድ ቶምሊን ተቃውመዋል። እንዲህ ሲሆን ከሚደግፉት ዳኞች የእያንዳንዱን ምክንያት በአንድ መስመር ጽፎ ሦስቱ የሚገናኙበትን ማየት ያስፈልጋል፤ ውጤቱን የተሸከመው የጋራው ነጥብ እንጂ በውበት የላቀው ንግግር አይደለም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሎርድ አትኪን ሰው በድርጊቱ ሊጎዳው እንደሚችል አስቀድሞ ሊያስበው ለሚገባ «ጎረቤቱ» ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል የሚል ሰፊ መርሕ አስቀምጠዋል፤ ይህ ክፍል በኋለኞቹ ዘመናት እጅግ የተጠቀሰ በመሆኑ የፍርዱ ምክንያት ራሱ ይመስላል። ሌሎቹ ሁለት ደጋፊ ዳኞች ግን በአምራችና በተጠቃሚ መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ተወስነው ነው የጻፉት። የሦስቱ መገናኛ ጠባብ ነው፦ አምራቹ ዕቃውን ከእጁ እንደ ወጣ ሆኖ ለመጨረሻው ተጠቃሚ እንዲደርስ አሽጎ ከላከ፣ በመካከልም ማንም ሊመረምረው የሚችልበት ተገቢ ዕድል ከሌለ፣ በዝግጅቱ ወቅት ለተጠቃሚው የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ተራ አንባቢ ሊነግሩት የሚገባው ይህን ነው፤ «ጎረቤት» የሚለውን ንግግር ማንሣት የፈለገ ከአጭሩ አንቀጽ ውጭ ያንሣው።

ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ የትኞቹ ፍሬ ነገሮች በአንቀጹ ውስጥ እንደሚገቡ ራሱ ይናገራል። የጠርሙሱ ጥቁርነት ይገባል ወይም ቢያንስ በ«ሊመረመር የማይችል» ይወከላል፤ ምክንያቱም ማንም ቀድሞ ሊያየው አለመቻሉ የምክንያቱ አካል ነው። መጠጡን የገዛችው ሌላ ሰው መሆኗም ይገባል፣ ይህ ባይሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበርና። የተጠየቀው 500 ፓውንድ፣ የካፌው ስም፣ የሕመሙ ዓይነትና የሥር ፍርድ ቤቶቹ መመላለስ ግን ቢወጡ ምክንያቱ አይነካም፤ ስለዚህ ይወጣሉ። ቁጥርና ቀን ለአንባቢ እርግጠኝነት የሚሰጡ ስለሚመስሉ ለማውጣት ያሳሳሉ፣ አጭሩን አንቀጽ በፍጥነት የሚሞሉት ግን እነሱ ናቸው።

እርምጃ አምስት፦ አንቀጹን መጻፍ

ዐረፍተ ነገሮቹ የሚሰለፉት በፍርዱ ቅደም ተከተል ሳይሆን አንባቢው በሚጠይቀው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ምን ተወሰነ፣ ቀጥሎ ማን ከማን ጋር በምን ተከራከረ፣ ከዚያ ለምን እንዲህ ተወሰነ፣ በመጨረሻም ምን ሳይወሰን ቀረ። የሐሳብ ልዩነት የሚጠቀሰው ድምፁ የተቀራረበ ሲሆን ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ ከብዙኃኑ ምክንያት ቀድሞም መምጣት የለበትም። ተከራካሪዎችን «ይግባኝ ባይ» እና «መልስ ሰጭ» ብሎ መጥራት አንባቢውን ያደናግራል፣ ምክንያቱም ከሥር ፍርድ ቤት ጀምሮ ስማቸው ይቀያየራል፤ «ሴትየዋ» እና «አምራቹ»፣ ወይም «አከራዩ» እና «ተከራዩ» የሚሉት ግን እስከ መጨረሻው አይለወጡም። የቤተሰብ ወይም የሕፃናት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ይህ አጠራር ስማቸው መታወቅ የሌለበትን ሰዎች ይሸፍናል።

የሕግ ቃል የሚቀመጠው ውጤቱ በእሱ ላይ ከተንጠለጠለ ብቻ ነው። ይርጋ ክሱን የዘጋው ከሆነ ቃሉን ጠቅሶ «ክስ ለማቅረብ በሕግ የተወሰነው ጊዜ ስላለፈ» ብሎ ማስረዳት ያሻል። በምሳሌያችን ግን «የክስ ምክንያት የለውም» የሚለው «ልከሰስ አይገባም» በሚል ቢተካ የሚጎድል ነገር የለም።

በመጀመሪያ ረቂቅ ላይ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ይህን ይመስላል፦

«በመጠጥ ውስጥ ቀንድ አውጣ አግኝታ የታመመች ሴት አምራቹን ከሳ አሸነፈች። ፍርድ ቤቱ አምራቾች ምርታቸው ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳት ተጠያቂ መሆናቸውን ወሰነ።»

ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፣ ለማንበብም ይቀላል፣ ነገር ግን ሦስት ስሕተት ይዟል። የተባለውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ አቅርቧል፤ ክርክሩ ገና እንዳልተጠናቀቀ ሰውሯል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የግዴታውን ሁኔታዎች ሁሉ ጥሎ «ማንኛውም ጉዳት» በሚል ቃል ዘርግቶታል። ዳኞቹ የተናገሩት ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ የተጠነቀቀ አምራችም ጉዳት በደረሰ ቁጥር ይከፍላል አላሉም። በአጭር ጽሑፍ ውስጥ መጀመሪያ የሚወድቁት «ከሆነ» እና «ካልሆነ በቀር» የሚሉት ናቸው፣ ፍርዱን ፍርድ የሚያደርጉት ግን እነዚያው ናቸው።

የተስተካከለው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የሎርዶች ምክር ቤት አንድ የመጠጥ አምራች ከእሱ ላልገዛ ተጠቃሚም ቢሆን ምርቱን በጥንቃቄ የማዘጋጀት ሕጋዊ ግዴታ ሊኖርበት እንደሚችል በ3 ለ2 ድምፅ ወሰነ። አንዲት ሴት በጓደኛዋ ከተገዛላት መጠጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ታምሜአለሁ በማለት አምራቹን ከሳ ነበር፤ አምራቹ ግን ይህ እውነት ቢሆን እንኳ ከእሷ ጋር ውል ስለሌለኝ ልከሰስ አይገባም ብሏል። ብዙኃኑ ዳኞች ይህን ያልተቀበሉት፣ አምራቹ ምርቱን አሽጎ በቀጥታ ለተጠቃሚ እንዲደርስ ከላከና በመካከል ማንም ሊመረምረው የማይችል ከሆነ፣ በእሱ ቸልተኝነት የሚጎዳው ተጠቃሚው መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ሁለት ዳኞች እንዲህ ያለው ግዴታ በቀደሙት ፍርዶች መሠረት የለውም በማለት ተቃውመዋል። ፍርዱ ቀንድ አውጣው መኖሩን አላረጋገጠም፣ ካሳም አልወሰነም፤ ጉዳዩ እንዲቀጥል ወደ ስኮትላንድ ፍርድ ቤት ተመልሷል።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ሊኖርበት እንደሚችል» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። «አለበት» ቢባል ኖሮ ሁኔታዎቹ በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር እስኪመጡ ድረስ አንባቢው ግዴታው ገደብ የለውም ብሎ ይሄድ ነበር፤ ሦስተኛውን ሳያነብ የሚያቆም አንባቢም ጥቂት አይደለም።

እርምጃ ስድስት፦ ማረጋገጥ

በአንቀጹ ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አጠገብ የተወሰደበትን የፍርዱን ገጽ ወይም አንቀጽ ቁጥር መጻፍ የመጀመሪያው ማረጋገጫ ነው። ቁጥሩ ከተከራካሪዎቹ ክርክር የተወሰደ ሆኖ ዐረፍተ ነገሩ ግን የፍርድ ቤቱን አቋም የሚናገር ከሆነ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ቁጥር ሊገኝለት ያልቻለ ዐረፍተ ነገር ደግሞ የጸሐፊው ግምት ነው፣ ይወጣል።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ፍርዱን ላላነበበ ሰው አንቀጹን ሰጥቶ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው። በዚህ ደረጃ ማን ረታ? ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል? ነገሩ ትንሽ ቢለወጥ ውጤቱ ይለወጥ ነበር? ሦስተኛው ጥያቄ ምክንያቱ በትክክል መተላለፉን የሚፈትሽ ነው። በምሳሌያችን ለምሳሌ «ባለ ካፌው መጠጡን ከመሸጡ በፊት በራሱ ማሰሮ ገልብጦ፣ ከሌላ ጋር ቀላቅሎና አይቶ ቢያቀርበውስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አንባቢው «እንግዲያው ምርቱ በመካከል ስለ ታየ ይህ ፍርድ በቀጥታ አይመልሰውም» ካለ አንቀጹ ሥራውን ሠርቷል። «አምራቹ ያው ይከፍላል» ካለ ግን ሁኔታዎቹ በግልጽ አልተጻፉም፤ የሚታረመውም ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ነው።

ከፍርዱ በኋላ የሆነው ነገር ከአንቀጹ ጋር መደባለቅ የለበትም። ፍርዱ በይግባኝ ከተሻረ ወይም ከተሻሻለ ይህ ከአንቀጹ በላይ በተለየ መስመር ይነገራል እንጂ በምክንያቱ መካከል አይሰካም። በዶኖሁ ጉዳይ አምራቹ ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት ስለ ሞተ ክርክሩ በስምምነት አልቋል፤ ይህ እውነት ለአንባቢ የሚጠቅም ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1932 የተሰጠው ፍርድ አካል ስላልሆነ ቦታው ከአንቀጹ በታች ባለ የራሱ መስመር ላይ ነው።